የመጣው ዕቃ ከፎቶው ሲለይ፦ ገንዘብ የሚያስመልስ የቅሬታ መልእክት አጻጻፍ

ካርቶኑን ስትከፍቱ የወጣው ዕቃ ፎቶው ላይ ያያችሁት አይደለም። እጃችሁ ወዲያው የሚሄደው ወደ ሻጩ ቻት ነው። «ይሄ ያሳያችሁኝ ዕቃ አይደለም! ገንዘቤን መልሱ!» ትላላችሁ። ሻጩ ደግሞ «ዕቃው ፎቶው ላይ ያለው ራሱ ነው» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል።

እኔም ደርሶብኛል። ከአንድ የኦንላይን ገበያ የጀርባ ቦርሳ ገዝቼ የመጣልኝ ሌላ ቦርሳ ነበር። በንዴት የጻፍኩት የመጀመሪያ መልእክት ምንም አላመጣም። ከሁለት ቀን በኋላ ተረጋግቼ የጻፍኩት ግን ሙሉ ገንዘቤን አስመለሰልኝ። ዕቃው ያው ነው፣ ሻጩም ያው ነው። የተለወጠው ለማን እንደምጽፍ ማወቄ ነው።

የቅሬታ መልእክት ለሻጩ የሚጻፍ ይመስላል። ሻጩ ግን የላከውን ያውቃል፤ እሱን ማሳመን አያስፈልግም። ካልተስማማችሁ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ ገበያው ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ዕቃውን በእጁ አልያዘውም፤ እናንተንም አያውቃችሁም። ከፊቱ ያለው የዕቃው ገጽ፣ የእናንተ ፎቶና የጻፋችሁት ብቻ ነው። የሚያየውም የእናንተን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከመጀመሪያው መልእክት ጀምሮ ለእሱ ጻፉ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የተነሳው ከዚህ ነው።

ከመጻፋችሁ በፊት፦ ቀኑና ዕቃው

መጀመሪያ የቀረላችሁን ጊዜ እዩ። የቅሬታ ጊዜ ከገበያ ገበያ በጣም ይለያያል። ኢቤይ ላይ ዕቃው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አላችሁ። ቪንትድ ላይ ግን 2 ቀን ብቻ ነው። በፔይፓል ከከፈላችሁ ደግሞ ፔይፓል የራሱ የቅሬታ ጊዜ ገደብ አለው። ስለዚህ «ቅዳሜ ሲመቸኝ አየዋለሁ» ብላችሁ ያቆያችሁት ካርቶን አንዱ ጋ ምንም ችግር የለውም፣ ሌላው ጋ ሁሉንም ያሳጣችኋል። ዕቃው የደረሰ ዕለት ክፈቱት።

አንዳንድ ገበያዎች ደግሞ ዕቃው ሲደርስ «ተቀብያለሁ» ወይም «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ቁልፍ አላቸው። እሱን ስትነኩ ገንዘቡ ወደ ሻጩ ሊሄድ ይችላል። ዕቃውን ሳታገላብጡ አትንኩት።

ልዩነቱን ካያችሁ በኋላ ዕቃውን አትጠቀሙበት። የተንጠለጠለበትን ወረቀት አትቁረጡ፣ አትጠቡት፣ ካርቶኑን አትጣሉ። አንድ ቀን ብቻ ይዛችሁት ብትወጡ እንኳን ሻጩ «ተጠቅማችሁበታል» የሚል መልስ ያገኛል። ያኔ ክርክሩ ከፎቶው ወጥቶ ወደ እናንተ ይዞራል።

ገጹ ሳይቀየር ያዙት

ሻጭ የዕቃውን ገጽ ማስተካከል ይችላል። ፎቶ ሊሰርዝ፣ መጠን ሊለውጥ፣ ገጹን ጨርሶ ሊያጠፋው ይችላል። ብዙ ገበያዎች በገዛችሁበት ሰዓት የነበረውን ገጽ በትዕዛዛችሁ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ቢሆንም በዚያ ብቻ አትተማመኑ። ለሻጩ አንድ ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪንሾት አንሱ። እያንዳንዱን ፎቶ፣ ርዕሱን፣ የመጠንና የቁስ ዝርዝሩን፣ የመረጣችሁትን ቀለምና ዓይነት፣ በመጨረሻም የትዕዛዙን ገጽ።

ስክሪንሾቱን ስታነሱ ጽሑፉን እንደ አዲስ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ይህ ደስ አይልም፤ ግን ጉዳያችሁ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ የምታውቁት እዚህ ነው። ሦስት ነገር ፈልጉ።

አንደኛው የመረጣችሁት ዓይነት ነው። አንድ ገጽ ላይ ትንሹም ትልቁም አብሮ ይሸጣል፤ ፎቶው ግን የትልቁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ትንሹን መርጣችሁ ከሆነና ገጹ ያንን በግልጽ ከጻፈ ሻጩ እውነት አለው። ሁለተኛው ለፎቶው ማማር ብቻ የተቀመጠ ነገር ነው። ቦርሳው አጠገብ የተቀመጠ መነጽር አብሮ ይሸጣል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ጽሑፉና ፎቶው የሚጋጩበት ቦታ ነው። ፎቶው ሁለት ኪስ አሳይቶ ጽሑፉ «አንድ ኪስ» ካለ ጉዳያችሁ ይደክማል፤ ግን አይሞትም። ግጭቱን ደብቃችሁ ከመጻፍ «ጽሑፉ አንድ ይላል፣ አራቱም ፎቶዎች ግን ሁለት ያሳያሉ፣ እኔ የገዛሁት ፎቶውን አይቼ ነው» ብላችሁ ራሳችሁ ብታነሱት ይሻላል። ሠራተኛው ማንበቡ አይቀርም። ከእናንተ ቢሰማው ቀሪ ቃላችሁንም ያምናል።

የትኛው ልዩነት ያሸንፋል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ልዩነት ሁሉ እኩል ክብደት የለውም።

ከሁሉም የሚጠነክረው የሚቆጠር ነገር ነው። ኪስ፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ እግር፣ ቀዳዳ። ፎቶው ላይ ሁለት ካለ በእጃችሁ ያለውም ሁለት መሆን አለበት። ማንም ሰው፣ ዕቃውን ሳይነካ፣ ከሁለት ፎቶ ሊቆጥር ይችላል። ለዚህ ነው የሚቆጠር ልዩነት ክርክር የማያስነሳው።

ቀጥሎ የሚለካው ይመጣል። ገጹ ላይ በሴንቲ ሜትር ወይም በኪሎ የተጻፈ ነገር ካለ ለኩት። ትንሽ ልዩነት፣ በተለይ ጨርቅና የእጅ ሥራ ላይ፣ የተለመደ ነው። ብዙ ሻጮችም ከአንድ እስከ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሊለያይ እንደሚችል ገጹ ላይ ይጽፋሉ። ከዚያ ያለፈ ልዩነት ግን ቁጥሩ ራሱ ይናገራል።

ከዚያ ቁሱ ይመጣል። እውነተኛ ቆዳ ነው ወይስ የቆዳ መሳይ? ብረት ነው ወይስ የተቀባ ፕላስቲክ? ይህ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ በፎቶ ማሳየት ግን ይከብዳል። የተቆረጠው ጫፍ ወይም የውስጡ ስፌት በቅርብ ሲነሳ የተሻለ ይታያል። ዕቃው ላይ የተሰፋ የቁስ ምልክት ካለ ደግሞ እሱ ከማንኛውም ፎቶ ይበልጣል።

ከሁሉም የሚደክመው ቀለምና «ጥራት» ነው። ቡናማው ትንሽ ጠቆር ካለ ሻጩ «እንደ ስክሪኑና እንደ መብራቱ ይለያያል» ይላችኋል፤ ብዙ ጊዜም ይሰማለታል። ቀለም ዋና ነጥብ የሚሆነው ስሙ ሲቀየር ነው። ጥቁር አዝዛችሁ ሰማያዊ ከመጣ ያ ሌላ ነገር ነው። «ርካሽ ይመስላል» የሚለውን ግን ተዉት። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ማንም ሊፈትሸው አይችልም። ሊፈተሽ የማይችል ዓረፍተ ነገር ደግሞ አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነጥብ ያደክመዋል።

የእኔ ቦርሳ ላይ ሰባት ልዩነት ቆጥሬ ነበር። ፎቶው ላይ ከፊት ሁለት ባለ ዚፕ ኪስ ነበር፤ የመጣው አንድ ብቻ አለው። ገጹ ቁመቱን 42 ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ስለካው 36 ሆነ። አምስተኛው ፎቶ ላይ ላፕቶፕ የገባበት የተለየ ክፍል ይታያል፤ የእኔ ውስጡ ባዶ ከረጢት ነው። ከዚህ በተረፈ ቀለሙ ጠቆር ይላል፣ ማንገቻው ቀጭን ነው፣ ስፌቱ ጠማማ ነው፣ ሽታም አለው። የመጀመሪያው መልእክቴ ሰባቱንም የያዘ ነበር፤ የጀመረው ደግሞ በሽታው ነው። ሻጩ ሽታውን ብቻ መልሶ «ለሁለት ቀን ንፋስ ላይ ያድርጉት» አለኝ። ስለኪሱ አንድ ቃል አልተናገረም።

ደካማ ነጥብ ስትጨምሩ ሻጩ የሚመልሰውን እንዲመርጥ ዕድል ትሰጡታላችሁ። ሦስት ጠንካራ ነጥብ ይበቃል።

ፎቶው

በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፊልተር አንሱ። ለእያንዳንዱ ነጥብ የገጹን ፎቶ እያያችሁ በዚያው አቅጣጫ ዕቃውን አስቀምጡ። ገጹ ከፊት ካሳየ ከፊት፣ ከጎን ካሳየ ከጎን። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ምስል አድርጉት፤ ግራው የገጹ፣ ቀኙ የእናንተ። እዚያ ላይ ቁጥር ብቻ ጻፉበት፣ ሌላ ምንም አትነካኩት። ያልተነካውን ዋናውን ፎቶም አስቀምጡ።

መጠን ከሆነ ሜትሩ ከዜሮው ጀምሮ እስከ መጨረሻው መታየት አለበት። የሜትሩ ጫፍ የተቆረጠበት ፎቶ ምንም አያሳይም። ቀለም ከሆነ ነጭ ወረቀት አጠገቡ አድርጉ፤ መብራቱ ቀለሙን እንዳላዛባው በወረቀቱ ይታወቃል። በመጨረሻም የካርቶኑን አድራሻ ወረቀት አንሱ፤ የመጣው ዕቃ ከዚህ ትዕዛዝ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው።

ትክክለኛውን ምክንያት መምረጥ

ቅሬታ ስትከፍቱ አፑ ከዝርዝር ምክንያት እንድትመርጡ ይጠይቃችኋል። ይህ ቁልፍ ከምትጽፉት መልእክት እኩል ይመዝናል። እንግሊዝኛው አፕ ላይ የምትፈልጉት `Item not as described`፣ ማለትም «ዕቃው ከተገለጸው ይለያል»፣ ወይም ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ነው። «ሐሳቤን ቀየርኩ» ወይም «አልወደድኩትም» የሚለውን ከመረጣችሁ የመመለሻ ማጓጓዣው ብዙ ጊዜ በእናንተ ላይ ይወድቃል፤ ሻጩ ዕቃ መመለስ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ሻጩ በቻት «ቶሎ እንዲያልቅልን ሐሳቤን ቀየርኩ የሚለውን ይምረጡ» ካላችሁ እሺ አትበሉ።

መልእክቱ

አሁን ነው የሚጻፈው። አምስት ነገር ይይዛል፦ ምን እንዳዘዛችሁ፣ መቼ እንደደረሰ፣ በቁጥር የተለዩ ልዩነቶች፣ ዕቃው አሁን ያለበት ሁኔታ፣ የምትፈልጉት። የእኔ ሁለተኛ መልእክት ይህን ይመስል ነበር።

> ሰላም።
>
> ያዘዝኩት «ቡናማ፣ ትልቁ» የሚለውን የጀርባ ቦርሳ ነው። ማክሰኞ ደርሶኛል። የደረሰኝ ቦርሳ ከገጹ ፎቶዎችና ዝርዝር ጋር በሦስት ነገር ይለያል።
>
> 1. ኪስ። የገጹ 2ኛ ፎቶ ከፊት ሁለት ባለ ዚፕ ኪስ ያሳያል። የደረሰኝ አንድ ብቻ አለው። (ምስል 1)
>
> 2. ቁመት። ገጹ 42 ሴንቲ ሜትር ይላል። የደረሰኝ 36 ሴንቲ ሜትር ነው። (ምስል 2)
>
> 3. የላፕቶፕ ክፍል። የገጹ 5ኛ ፎቶ ላፕቶፕ የገባበት የተለየ ክፍል ያሳያል። የደረሰኝ ውስጡ ምንም ክፍል የለውም። (ምስል 3)
>
> ቦርሳውን አልተጠቀምኩበትም። ከነካርቶኑ አለ።
>
> ቦርሳውን መልሼ የከፈልኩት ሙሉ ገንዘብ፣ የመጀመሪያውን ማጓጓዣ ጨምሮ፣ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ዕቃው ከገጹ ስለሚለይ የመመለሻ ወጪው በእርስዎ በኩል ይሁን። በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ካልተስማማን ገበያው እንዲወስን አቀርባለሁ።

እያንዳንዱ ነጥብ እንዴት እንደተሠራ እዩ። መጀመሪያ ገጹ ምን እንዳለ፣ ከዚያ ምን እንደመጣ፣ ከዚያ የትኛው ምስል ላይ እንደሚታይ። «የገጹ 2ኛ ፎቶ» ተብሎ መጻፉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሠራተኛው ግን ሳይፈልግ በቀጥታ ሄዶ ያየዋል።

«አታለላችሁኝ»፣ «ሌባ»፣ «ሆን ብላችሁ» የሚሉ ቃላት የሉም። ሻጩ ሆን ብሎ ይሁን ተሳስቶ እናንተ ማስረዳት አትችሉም፤ ማስረዳትም የለባችሁም። ዕቃው ከገጹ መለየቱ ብቻ ይበቃል። አታሎኛል ብላችሁ ከከሰሳችሁ ግን ሌላ፣ የማይረጋገጥ ሸክም በራሳችሁ ላይ ትጭናላችሁ።

«ካልመለስክ መጥፎ አስተያየት እጽፍብሃለሁ» ብላችሁም አትጻፉ። ኢቤይን ጨምሮ አንዳንድ ገበያዎች ይህን እንደ ማስፈራራት ይቆጥሩታል፤ ደንብ የጣሳችሁት እናንተ ትሆናላችሁ። አስተያየት መጻፍ መብታችሁ ነው። ጉዳዩ ሲያልቅ ጻፉት።

ጥያቄው ደግሞ አንድ ብቻ ይሁን። «ወይ ገንዘቤን፣ ወይ ሌላ ቦርሳ፣ ወይ ቅናሽ» ካላችሁ ሻጩ ለእሱ የሚረክሰውን ይመርጣል።

ሻጩ ሲመልስ

ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሙሉ እምቢታ አይደለም። «ዕቃውን ያስቀሩት፣ 20 በመቶ እመልሳለሁ» የሚል ነው። ይህን ስትቀበሉ ቅሬታው በአብዛኛው ለዘለቄታው ይዘጋል። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ዕቃ፣ እንዳለ፣ በቀረው 80 በመቶ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ባየው እገዛው ነበር? አዎ ከሆነ ተቀበሉ። እኔ ላፕቶፕ የማይይዝ ቦርሳ አያስፈልገኝም ነበር። «አመሰግናለሁ፣ ግን የምጠይቀው መመለስና ሙሉ ገንዘብ ነው» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ሁለተኛው «ቅሬታውን ይዝጉት፣ ገንዘቡን ወዲያው እልካለሁ» ነው። አትዝጉ። ብዙ ገበያዎች ላይ አንዴ የተዘጋ ቅሬታ እንደገና አይከፈትም። መልሳችሁ «ገንዘቡ እንደደረሰኝ እዘጋዋለሁ» ይሁን።

ሦስተኛው «በሌላ አፕ እንነጋገር» ነው። ከገበያው ውጭ የተባለውን ሠራተኛው አያይም። ስልክ ደውሎ ቢያናግራችሁ እንኳን ስልኩ እንዳለቀ በገበያው ቻት ላይ «በስልክ እንደተነጋገርነው፣ እንዲህ ብለዋል» ብላችሁ ጻፉ።

መመለስና ወደ ገበያው ማቅረብ

መመለስ ከተፈቀደላችሁ ዕቃውን ገበያው ባሳያችሁ አድራሻ ብቻ፣ መከታተያ ቁጥር ባለው መላኪያ ላኩ። ሻጩ በቻት የሰጣችሁ ሌላ አድራሻ ጋ ከላካችሁ ዕቃው መድረሱን ማስረዳት ይከብዳችኋል። ስታሽጉ ፎቶ አንሱ። የመመለሻውም ጊዜ የራሱ ገደብ አለው፤ እሱንም እዩት።

ሻጩ ዝም ካለ ወይም እምቢ ካለ ጉዳዩን ወደ ገበያው የምታሳልፉት እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው በራሱ የሚያልፍ ይመስለዋል። ኢቤይ ላይ ሻጩ 3 የሥራ ቀን አለው፤ ከዚያ በኋላ ገበያው እንዲገባ መጠየቅ ትችላላችሁ። ፔይፓል ላይ ደግሞ የከፈታችሁትን ቅሬታ በ20 ቀን ውስጥ ፔይፓል ራሱ ወደሚወስንበት ደረጃ ካላሳለፋችሁት ራሱ ይዘጋል። ሻጩ «ነገ፣ ነገ» እያለ የሚያቆያችሁም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስታሳልፉት አዲስ ታሪክ አትጻፉ። የመጀመሪያውን መልእክት ይዛችሁ ሻጩ ምን እንደመለሰና በስንት ቀን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ።

በካርድ ከፍላችሁ ገበያው ከፈረደባችሁ ባንካችሁ ክፍያውን ከሻጩ እንዲያስመልስላችሁ፣ ማለትም ቻርጅባክ፣ መጠየቅ ይቀራል። ባንኩ መጀመሪያ ከሻጩ ጋር ለመፍታት መሞከራችሁንና ዕቃውን ለመመለስ ማቅረባችሁን ይጠይቃል፤ መልእክታችሁ ላይ «መልሼ» የሚለው ቃል መኖሩ እዚህም ይጠቅማል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አትጀምሩ። ባንኩ ጋ ስትሄዱ ገበያው ብዙ ጊዜ የራሱን ጉዳይ ይዘጋል።

የእኔ ጉዳይ እስከ ባንክ አልደረሰም። ሻጩ ከ20 በመቶ ወደ 40 ከፍ አደረገ፣ እኔም ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሼ ላክሁለት። በአራተኛው ቀን ወደ ገበያው አሳለፍኩት። ሠራተኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ ሜትሩ ከታች የጀመረበት በደንብ የሚታይ ሌላ ፎቶ ካለ እንድልክ። ልኬለት በማግስቱ መመለሻው ተፈቀደ። ገንዘቡ ሂሳቤ ላይ ከገባ በኋላ ነው ቅሬታውን የዘጋሁት።